«ዕድል የለኝም» ያለችኝ የልጅ ልጄ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጄ ሁለቱን ወር እኛ ዘንድ ከረመች። አሥር ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መብራት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ እኔና እሷ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይዘን መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን። የምንጫወተው መርከብ የማስጠም ጨዋታ ነው። ጨዋታውን አሜሪካዊው የመጫወቻ ኩባንያ ሚልተን ብራድሊ በ1967 እ.ኤ.አ. በፕላስቲክ ሣጥን አድርጎ ለገበያ ቢያወጣውም፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሰው የሚጫወተው በወረቀትና በእርሳስ ነበር። እኛም የምንጫወተው እንደዚያው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ደንቡን በአጭሩ ልንገር። እያንዳንዱ ተጫዋች በደብተሩ ላይ ወርዱም ቁመቱም አሥር ካሬ የሆነ ባሕር ያሰምራል። ከላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይጽፋል፤ በግራ በኩል ደግሞ እኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ ብለን እንጽፋለን። በዚህ ባሕር ውስጥ አምስት መርከቦች ይደበቃሉ፤ አንዱ አምስት ካሬ፣ አንዱ አራት፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት፣ የመጨረሻው ሁለት ካሬ ይይዛሉ። መርከብ አግድም ወይም ቁልቁል ይተኛል እንጂ ሰያፍ አይተኛም። ከዚያ በየተራ አንድ አንድ ካሬ እየጠሩ መተኮስ ነው። ባዶ ከሆነ ባለቤቱ «ውሃ» ይላል፤ መርከብ ከነካ «ተመታ»፤ የመርከቡ ካሬዎች በሙሉ ካለቁ ደግሞ «ሰጠመ» ማለት ግዴታው ነው። የሌላውን አምስት መርከብ ቀድሞ ያሰጠመ አሸነፈ።

የመጀመሪያውን ሳምንት የልጅ ልጄ በተከታታይ ተሸነፈች። መርከብ ማግኘቱስ አልቸገራትም ነበር። የሚቸግራት ከተመታ በኋላ ነው። «ተመታ» ስላት ደስ ይላትና ሁልጊዜ ወደ ላይ ትተኩሳለች። ውሃ ሲሆንባት ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አንዳንዴም ሁለቴ ውሃ ከሆነባት በንዴት ያገኘችውን ትታ ባሕሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትተኩሳለች። አንድ ቀን ማታ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና «አባባ፣ በቃ እኔ ዕድል የለኝም» አለችኝ።

ይህ ነገር አስደነገጠኝ። እናቷም በልጅነቷ ይህንኑ ትል ነበር፤ አድጋም ትለዋለች። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በሂሳብ መዝገብ ላይ ነውና ዕድል የሚባለውን ነገር ከቁጥር ለይቼ ማየት ይከብደኛል። «ሚጣዬ፣ ከመተኮስሽ በፊት እስኪ እንቁጠር» አልኳት።

ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አምስት ቁራጭ ወረቀት ቆረጥን። አንዱ አምስት ካሬ የሚረዝም፣ አንዱ አራት፣ ሁለቱ ሦስት፣ አንዱ ሁለት። መርከቦቹ እነዚህ ናቸው። ከዚያ ያቋረጥነውን ጨዋታ አየን። የመታችው ካሬ ለ-5 ነበር፤ ማለትም ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ አምስተኛው ቁጥር። ቀደም ብላ ለ-8 ላይ ተኩሳ ውሃ ሆኖባታል። በአካባቢው ሌላ የተተኮሰ ነገር የለም፤ እስካሁንም አንድም መርከብ አልሰጠመም። ጥያቄው ይህ ነው፤ ለ-5 ላይ ያለው መርከብ ስንት ዓይነት ተኝቶ ሊሆን ይችላል?

በአምስቱ ካሬ ቁራጭ ጀመርን። በለ ረድፍ ከዳር እስከ ለ-8 ድረስ ያሉት ነጻ ካሬዎች ሰባት ናቸው። ቁራጩን ለ-5ን እንዲሸፍን አድርገን አግድም ስናንሸራትተው ከ1 እስከ 5፣ ከ2 እስከ 6፣ ከ3 እስከ 7 ይገባል። ከዚያ አልፎ ከገፋነው ለ-8 ላይ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ ውሃ መሆኑን አውቀናል። ስለዚህ ሦስት መንገድ አለው። አራት ካሬ የሚረዝመውም ሦስት መንገድ አለው። ሁለቱ ባለ ሦስት ካሬዎች እያንዳንዳቸው ሦስት፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ ሁለት። የአግድሙ ድምር 14 ሆነ።

ቁልቁል ስናዞረው ነገሩ ይጠባል። ለ-5 ከላይኛው ጠርዝ በአንድ ካሬ ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ማንኛውም ቁራጭ ወይ ከሀ ይጀምራል ወይ ከለ ይጀምራል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። አምስት መርከብ በሁለት ሁለት መንገድ 10 ነው። ከአግድሙ ጋር በአጠቃላይ 24 መንገድ አገኘን።

አያቷ ዕቁብ ሰብሳቢ ስለሆነች ልጅቷ ዕጣ ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። «እነዚህ 24 መንገዶች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለሉ 24 ዕጣዎች ናቸው በይ» አልኳት። «አንዱ እውነተኛው ነው፤ የቱ እንደሆነ ግን አናውቅም። አሁን በግራ ያለው ካሬ ስንት ዕጣ እንዳለው ቁጠሪልኝ።»

ቁራጮቹን እንደገና እያንሸራተተች ለ-4ን በሸፈነ ቁጥር አንድ ነጥብ ትጽፍ ጀመር። ግራው፣ ለ-4፣ 11 ዕጣ አገኘ። ቀኙ፣ ለ-6፣ 9 አገኘ፤ ሁለት ያነሰው ያ ለ-8 ላይ ያለው ውሃ መንገድ ስለዘጋበት ነው። ታቹ፣ ሐ-5፣ 9 አገኘ። እሷ ሁልጊዜ የምትጀምርበት ላዩ፣ ሀ-5፣ 5 ብቻ ነበረው። ከላይ ባሕሩ ያልቃልና። ደመረቻቸውና «34 ሆነብኝ፤ 24 አላልክም... አላሉም እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንድ መርከብ ግራውንም ቀኙንም አንድ ላይ ሊሸፍን ስለሚችል አንዱ ዕጣ ለሁለት ካሬ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የአራቱ ድምር ከ24 ቢበልጥ ስሕተት የለበትም።

ከ24ቱ 11 ያለው ለ-4 ነበርና ለ-4 ላይ ተኮሰች። ውሃ።

ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። «አየህ አባባ» አለች፤ ስትናደድ አንቱታው ይጠፋታል። እውነቷን ነው፤ ብዙ ሰውም ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ግን ከ24 ዕጣ 11 ማለት 13ቱ የሌላ ነው ማለት ነው። የተሻለውን ካሬ መረጠች እንጂ የተረጋገጠ ካሬ አልነበራትም። ደግሞም ያ «ውሃ» ከንቱ አልቀረም። ለ-4ን የሚሸፍኑትን 11 ዕጣዎች ከቆርቆሮው አውጥቶ ጥሎልናል። የቀረው 13 ነው።

«አሁንስ የት?» አልኳት። «ግራው ካልሆነ ቀኙ ነዋ» አለች። እኔም ሳልቆጥር ብሆን ኖሮ ይህንኑ ነበር የምለው። ቆጠርን። በግራ ለ-4 ተዘግቷል፤ በቀኝ ለ-8 ተዘግቷል። በመካከላቸው የቀሩት ለ-5፣ ለ-6 እና ለ-7 ናቸው። አምስት ካሬ የሚረዝመው ቁራጭ እዚህ አይገባም። አራት የሚረዝመውም አይገባም። ባለ ሦስቶቹ በአንድ በአንድ መንገድ ይገባሉ፣ ባለ ሁለቱም በአንድ መንገድ። ቀኙ ከ9 ወደ 3 ወረደ! ቁልቁል ያለውን ግን የግራው ውሃ አልነካውም፤ ታቹ አሁንም 9፣ ላዩ አሁንም 5 ነው።

ስለዚህ ከ13 ዕጣ 9ኙ ሐ-5 ላይ ናቸው፤ ከሦስት ሁለት እጁን በጥቂት የሚያልፍ ማለት ነው። ግራና ቀኝ እንደ ሚዛን ይመስሉናል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚነሣ። በዚህ ጨዋታ ግን ግራና ቀኝ አንድ መንገድ ናቸው። አንዱ ጫፍ ሲዘጋ መንገዱ በሙሉ ይጠባል፤ ጥርጣሬው ወደ ተሻጋሪው መንገድ ይዞራል። ከተመታው ካሬ ዙሪያ ከሚተኮሱት ሁሉ በጣም የሚባክነው ይህ ሁለተኛው ጥይት ነው።

ሐ-5 ላይ ተኮሰች። «ተመታ» አልኳት። ሁለት ካሬ በአንድ መስመር ሲመቱ አቅጣጫው ይታወቃል ብለን እናስብ። ለ-5ን እና ሐ-5ን አንድ ላይ የሚሸፍኑት 9 መንገዶች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ መ-5ን የሚነኩት 6፣ ሀ-5ን የሚነኩት 4። መ-5 ላይ ተኮሰችና «ሰጠመ» ብዬ ባለ ሦስት ካሬ መርከቤን አስረከብኩ። ከቁራጮቹም አንዱን ባለ ሦስት ካሬ ወደ ጎን አደረግን፤ የሰጠመ መርከብ ከእንግዲህ ወዲህ አይቆጠርም። ይህን መርሳት ቆጠራውን ከሚያበላሹት ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ቁራጮቹ በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቆጠራው የሚሳሳትበትንም ቦታ አየን። አንድ ቀን ሁለት መርከቦቼን ቁልቁል አስተኝቼ ጎን ለጎን አጣበቅኋቸው። እሷ አግድም ሁለት ካሬ መታች፣ በሁለቱም ጫፍ ተኮሰች፣ በሁለቱም ውሃ ሆነ። እኔ ግን «ሰጠመ» አላልኩም። አንድ መርከብ ቢሆን ኖሮ ባለ ሁለት ካሬው ነበርና መስጠም ነበረበት። ጥቂት አፍጥጣ አየችና «ሁለት መርከቦች ናቸው!» ብላ ጮኸች፤ እያንዳንዱን የተመታ ካሬ ለብቻው ቁልቁል መቁጠር ጀመረች። ሌላም ድክመት አለው። ቆጠራው ሁሉም አተኛኘት እኩል የሚሆን አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሰው ግን ልማድ አለው። እሷ ትልቁን መርከብ ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ ታስጠጋዋለች። ይህን ስለማውቅ እኔ ስተኩስ ሁለት ካሬ እኩል ዕጣ ካላቸው ወደ ጠርዙ አደላለሁ።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልመለስ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እናቷ ልትወስዳት በምትመጣበት ዋዜማ የመጨረሻውን ጨዋታ ገጠምን። አስቀድማ ልታሸንፈኝ እንደምትፈልግ፣ ለእናቷም ደብተሩን እንደምታሳያት ነግራኛለች። ጨዋታው ግን አልቀናትም። ከመርከቦቼ አራቱን አስጥማለች፤ የቀረኝ አራት ካሬ የሚረዝመው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የእሷን የመጨረሻ መርከብ ለማስጠም አንድ ካሬ ቀርቶኝ ነበር፤ የት እንደሆነም አውቄዋለሁ። እሷ አንድ አንድ ካሬ እየዘለለች ባሕሩን ስታስስ ቆይታ ሰ-8 ላይ ተኮሰች።

ሰ-8 ውሃ ነበር። እኔ ግን «ተመታ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ አሁንም አፌን ሞልቼ አልናገርም። ነገ ትሄዳለች፤ አሸንፋ ብትሄድስ ብዬ ነው። መርከቤን በደብተሬ ላይ አጥፍቼ እዚያ ልሥለው አሰብኩ። አያት የሆነ ሰው ይህን ይረዳኛል።

እሷ ግን አልጮኸችም። አራት ካሬ የሚረዝመውን ቁራጭ አወጣችና ሰ-8 ላይ አግድም አስተኛችው። ሰ-6 ላይ ቀድሞ ውሃ ብያታለሁ፤ ሰ-10 ላይም ውሃ ብያታለሁ። በመካከላቸው ሦስት ካሬ ብቻ አለ። ቁራጩ አልገባም። ቁልቁል አዞረችው። ሠ-8 ውሃ ነው፤ ቀ-8 ውሃ ነው። በመካከላቸው ሦስት ካሬ ብቻ። አልገባም። እንደገና ከመጀመሪያው ሞከረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ዜሮ ሆነብኝ።»

ዝም አልኩ።

«ወይ ቅድም አንዱን ውሃ ሲሉኝ ተሳስተዋል፣ ወይ አሁን ተሳስተዋል» አለች በቀስታ። ያን ጊዜ አንቱታውን አልረሳችም። «እዚህ ባለ አራት ካሬ መርከብ ሊኖር አይችልም።»

ልክ ነበረች። አንድ ካሬ የሚሸፍነው መንገድ ዜሮ ከሆነ፣ መልሱ መጥፎ ዕድል አይደለም፤ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ሐሰት ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን የሂሳብ መዝገብ ሳመሳክር ስሕተት የማገኘው በዚሁ መንገድ ነበር። «አሁን ነው የተሳሳትኩት» አልኳት። «መሳሳትም አይደለም፤ እንድታሸንፊ ብዬ ዋሸሁሽ። ሰ-8 ውሃ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሰ-8 ላይ የጻፈችውን ምልክት በላጲስ አጠፋችና የውሃ ምልክት አደረገችበት። «ስለዚህ እስካሁን ያሸነፍኩዎትም ጨዋታ...?» አለች፤ አልጨረሰችውም። ከተማርን ወዲህ አራት ጊዜ አሸንፋኝ ነበር። «እነዚያ የራስሽ ናቸው» አልኳት። አላመነችኝም። ደብተሩን ገልብጣ የአራቱን ጨዋታዎች ገጾች አንድ በአንድ ከእኔ ደብተር ጋር አመሳከረች፤ የእኔን መርከቦችና የእሷን ምልክቶች ካሬ በካሬ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ልጄን ወይም ሚስቴን እንዲህ አድርጌ ጠብቄ አላውቅም። በመጨረሻ ደብተሬን መለሰችልኝና «እሺ፣ ልክ ናቸው» አለች።

ከዚያ «ተራው የእርስዎ ነው» አለችኝ። የማውቃትን ካሬ ጠራሁ። የመጨረሻ መርከቧ ሰጠመ። ተሸነፈች። የእኔ አራት ካሬ መርከብ በ1 ቁጥር ስር ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከመ-1 እስከ ሰ-1 ተኝቶ እንደነበር አሳየኋት፤ «እርስዎም እንደ እኔ ጠርዝ ይወዳሉ» ብላ ሳቀች። እናቷ በማግስቱ ስትመጣ ያሳየቻት የተሸነፈችበትን ገጽ ነው። ሰ-8 ላይ የተጠፋውን ምልክት በጣቷ እየነካች ዜሮው እንዴት እንደወጣ አስረዳቻት። እናቷ እኔን እያየች ሰማች፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ይህን ለልጆቻችሁ መሞከር የምትፈልጉ፣ ልጁ ትንሽ ከሆነ ባሕሩን ወርዱም ቁመቱም ስድስት ካሬ አድርጉት፤ ሦስት መርከብ ይበቃል፤ አንድ ባለ ሦስት ካሬ፣ ሁለት ባለ ሁለት። ቁራጮቹን ልጁ ራሱ ይቁረጥ። የመጀመሪያው ምት እስኪገኝ ዝም ብሎ ይተኩስ፤ መቁጠሩ የሚጀምረው «ተመታ» ከተባለ በኋላ ነው። ውሃ በሆነ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይቁጠር እንጂ የቀድሞውን ቁጥር አይያዝ።

ደብተሯንና አምስቱን ቁራጭ ይዛ ሄደች። ባለፈው እሑድ ስልክ ደውላ የክፍል ጓደኛዋን እንዳስተማረች ነገረችኝ። «አሸነፍሻት?» አልኳት። «ሁለቴ ተሸነፍኩ፣ አንዴ አሸነፍኩ» አለችኝ። ስለ ዕድል ያነሳችው ነገር የለም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ እሷ ግን አንዴ ዜሮ አወጣችብኝ፤ ለ-3ን ረስቼ ውሃ ብያት ነበር» አለችኝ። «ታዲያ ምን አልሻት?» አልኳት።

«ይቅርታ ጠይቄያት እንደገና አሰመርን።»